ስሌቱ ትክክል የሆነ፣ ማረጋገጫው ግን ያልተሟላ፦ የአንድ ኢንዳክሽን መልስ የእርማት ቅሬታ

ጉዳዩ የመጣው በቅሬታ መልክ ነው። የመጀመሪያ ዓመት የዲስክሪት ሒሳብ ፈተና ታርሞ ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ ተማሪ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ከ10 ነጥብ 6 ብቻ ማግኘቱን ተቃውሞ ወረቀቱን መልሶ አስገባ። ያረመው ሌላ ባልደረባ ነው፤ የኔ ድርሻ እንደ ሁለተኛ አራሚ ቅሬታውን ማየት ነበር። የጻፈው አጭር ነው፦ «መልሴ ውስጥ አንድም የስሌት ስህተት የለም። የተጠየቀው ቀመር ላይ ደርሻለሁ። አራት ነጥብ የተቀነሰብኝ ለምንድን ነው?»

ጥያቄው ይህ ነበር።

```
a(1) = 1
a(2) = 3
a(n+1) = 3a(n) − 2a(n−1)     n ≥ 2

ለሁሉም n ≥ 1፣ a(n) = 2^n − 1 መሆኑን በኢንዳክሽን አረጋግጡ።
```

የተማሪው መልስ ደግሞ እንዳለ ይኸው።

```
n = 1 ሲሆን፦ a(1) = 1 = 2^1 − 1። እውነት ነው።
ለ n = k እውነት ነው እንበል፦ a(k) = 2^k − 1።
n = k+1 ሲሆን፦
  a(k+1) = 3a(k) − 2a(k−1)
         = 3(2^k − 1) − 2(2^(k−1) − 1)
         = 3·2^k − 3 − 2^k + 2
         = 2·2^k − 1
         = 2^(k+1) − 1
ስለዚህ ለሁሉም n ≥ 1 እውነት ነው።
```

አራሚው ወረቀቱ ዳር ላይ የጻፈው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከመጀመሪያው መስመር አጠገብ «a(2)?» ይላል። ከስሌቱ አጠገብ ደግሞ ወደ a(k−1) የሚያመለክት ቀስት አለ፤ ጫፉ ላይ «ይህ ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ። ስህተቱን ለሚያውቅ ሰው ሁለቱም ምልክቶች በቂ ናቸው። ለማያውቀው ግን ምንም አይነግሩትም፤ የቅሬታው ግማሽ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

በእርማት መመሪያው መሠረት አሥሩ ነጥብ የተከፋፈለው እንዲህ ነው። ቤዝ ኬዝ ለምንለው መነሻ 3 ነጥብ ተመድቧል፤ ከዚህ ውስጥ አንዱ ለ n = 1፣ ሁለቱ ለ n = 2 ናቸው። የኢንዳክሽኑን ግምት በትክክል ለመጻፍ 2፣ ከግምቱ ወደ k+1 ለሚያሻግረው ስሌት 4፣ ለማጠቃለያው 1። ተማሪው ከመነሻው 1፣ ከግምቱ 1፣ ከስሌቱ ሙሉ 4 አግኝቶ ማጠቃለያው ላይ ዜሮ ሆኗል። ድምሩ 6።

ለ n = 2 ከ n = 1 የበለጠ ነጥብ መሰጠቱ ዘፈቀደ ሊመስል ይችላል፤ ተማሪውም ይህንኑ ነው መጀመሪያ ያነሳው።

«a(2) እኮ ተሰጥቷል»

ቢሮ መጥቶ ሲቀመጥ የጀመረው ከዚህ ነው። «መምህር፣ a(2) እኮ ጥያቄው ላይ ተጽፏል። 3 ነው። 2^2 − 1ም 3 ነው። ማንም የሚያየውን ነገር ደግሜ መጻፌ ምን ይጨምራል?»

ክርክሩ ሞኝነት የለበትም። በኢንዳክሽን ጥያቄዎች ውስጥ መነሻው ብዙ ጊዜ የአንድ መስመር ሥራ ስለሆነ ተማሪ እንደ ሥርዓት ማሟያ ቢቆጥረው አይገርምም። «መነሻውን መጻፍ ግዴታ ነው» ብዬ ብመልስለት ደግሞ ይህንኑ እምነቱን ነበር የማጠነክርለት። ስለዚህ ባዶ ወረቀት ወስጄ ጥያቄውን እንደገና ጻፍኩት፤ a(2)ን ብቻ ከ3 ወደ 5 ቀየርኩ። ተደጋጋሚው ቀመርም፣ a(1)ም፣ እንዲረጋገጥ የተጠየቀውም ባሉበት ቀሩ።

«አሁን የራስህን መልስ ከላይ እስከ ታች አንብብልኝና የትኛው መስመር እንደሚለወጥ ንገረኝ» አልኩት።

አነበበ። a(1) አሁንም 1 ነው፤ የመጀመሪያው መስመር ይቆማል። ግምቱ ስለ k ብቻ ስለሚናገር አይነካም። ተደጋጋሚው ቀመር ያው ነው፣ ቅንፍ መፍታቱም ያው ነው፣ ማጠቃለያውም ያው ነው። «የሚለወጥ የለም» አለ፤ ድምፁ ግን ከመጀመሪያው ዝግ ብሏል።

ከዚያ ቁጥሮቹን አብረን አሰላን። a(2) = 5 ሲሆን a(3) = 3·5 − 2·1 = 13 ይሆናል፤ ቀመሩ የሚለው 7 ነው። a(4) = 3·13 − 2·5 = 29፤ ቀመሩ የሚለው 15። ከ n = 1 በቀር አንድም ቦታ አይገጥምም። የዚህኛው ተከታታይ ትክክለኛ ቀመር 2^(n+1) − 3 ነው፤ 1፣ 5፣ 13፣ 29 እያለ ይሄዳል። ያም ሆኖ የተማሪው ማረጋገጫ፣ አንዲት ፊደል ሳይነካ፣ ይህም ተከታታይ 2^n − 1 ነው ብሎ «ያረጋግጣል»።

a(2)ን 1 ብናደርገው ደግሞ የባሰ ነው። 3·1 − 2·1 = 1 ስለሆነ ተከታታዩ ሁልጊዜ 1 ሆኖ ይቀራል፦ 1፣ 1፣ 1፣ 1። ያው ወረቀት ይህንንም 1፣ 3፣ 7፣ 15 ነው ይለናል።

የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። የተማሪው መልስ a(2) ስንት እንደሆነ በየትኛውም መስመር ላይ አይጠቀምም። a(2)ን የማይጠቀም ማረጋገጫ ደግሞ a(2) ምንም ቢሆን እኩል ይሠራል፤ የሚረጋገጠው ነገር ግን እውነት የሚሆነው a(2) በትክክል 3 ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ማረጋገጫው የሆነ ቦታ ላይ መሰበሩ የግድ ነው፤ ስሌቱ ንጹሕ ሆኖ ቢታይም። ጥያቄው «ተሰጥቷል» በሚለው መረጃ ውስጥ መልሱ ያልነካው ነገር ካለ፣ ያንን መረጃ ለውጦ መልሱን እንደገና ማንበብ ክፍተቱን ለማግኘት ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ፈጣኑ ነው። አራሚም ተማሪም እኩል ይጠቀሙበታል።

«ግልጽ ነውና ለምን ይጻፋል» ለሚለው ጥያቄ አንድ ነገር ልጨምር። ፓስካል በ1654 እ.ኤ.አ. ስለ ቁጥሮች ሦስት ማዕዘን በጻፈው ሥራ ውስጥ ኢንዳክሽንን ሁለት ቅድመ ሐሳቦች አድርጎ ለይቶ አስቀምጦታል፤ አንደኛው መነሻው ላይ ነገሩ እውነት መሆኑን፣ ሁለተኛው ከአንዱ ረድፍ ወደ ተከታዩ መሻገሩን የሚናገር ነው። የመጀመሪያውን ራሱ ግልጽ ነው ይለዋል። ግልጽ ነው ብሎ ግን አልተወውም፤ ጻፈው።

ሰንሰለቱ የት ላይ ነው የተበጠሰው

ተማሪው ስህተት መኖሩን ከተቀበለ በኋላ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፦ «እሺ፣ ግን የትኛው መስመር ነው ውሸት?» ይህን ለመመለስ ርምጃውን በ k ስም ማየት ትተን ቁጥር እየሰጠን አስኬድነው።

k = 1 እንበል። ከ a(1) ተነስተን a(2) ላይ መድረስ ነው የምንፈልገው። የመጀመሪያው የስሌት መስመር a(2) = 3a(1) − 2a(0) ይሆናል። a(0) የሚባል ነገር ግን የለም፤ ተከታታዩ የሚጀምረው ከ1 ነው፤ ጥያቄውም ተደጋጋሚው ቀመር የሚሠራው n ≥ 2 ሲሆን ብቻ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ስለዚህ ከ1 ወደ 2 የሚያሻግረው ርምጃ አልተደረገም። ሊደረግም አይችልም።

k = 2 እንበል። a(3) = 3a(2) − 2a(1)። እዚህ ቀመሩ ይሠራል፤ ሆኖም a(3) ትክክል እንዲወጣ a(1)ም a(2)ም ትክክል መሆን አለባቸው። a(1) ተፈትሿል። a(2)ን ግን ማንም አላረጋገጠም፤ በመነሻው አልተነካም፣ በ k = 1 ርምጃም አልተገኘም። a(4) በ a(3) እና በ a(2) ላይ ይቆማል፣ a(5) በ a(4) እና በ a(3) ላይ፤ ሁሉም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ባልተፈተሸው a(2) ላይ ነው።

በዚህ መንገድ ሲታይ ተማሪው በእርግጥ ያረጋገጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቀመሩ ለ n = 1 እውነት ነው። ሁለተኛ፣ k ቢያንስ 2 ከሆነና ቀመሩ ለ k እና ለ k−1 አንድ ላይ እውነት ከሆነ፣ ለ k+1ም እውነት ነው። ከእነዚህ ሁለት እውነቶች ስለ a(2) ምንም አይወጣም፤ ስለ a(3)ም እንደዚሁ። ለ n = 2 ሁለት ነጥብ የተመደበው ለዚህ ነው፤ የርምጃው ሁሉ ክብደት ያረፈው እዚያ ላይ ነውና።

ተማሪው እዚህ ላይ ያልጠበቅሁትን ብልህ ሐሳብ አመጣ። «a(0)ን ራሴ ብፈጥረውስ? ቀመሩ ወደ ኋላ ቢሠራ 3 = 3·1 − 2a(0) ይሆናል፤ ስለዚህ a(0) = 0። 2^0 − 1ም 0 ነው። ያኔ የ k = 1 ርምጃዬ ይሠራል።»

ይሠራል። ከ a(0) = 0 እና ከ a(1) = 1 ተነስቶ ሙሉ ማረጋገጫ መጻፍ ይቻላል፤ እንዲያውም ስሌቱ ያምራል። ነገር ግን a(0) ዜሮ መሆኑን ያገኘው ከየት ነው? a(2) = 3 ከሚለው ነው። a(2) አምስት ቢሆን ኖሮ 5 = 3 − 2a(0) ሆኖ a(0) = −1 ይወጣ ነበር፤ −1 ደግሞ 2^0 − 1 አይደለም፣ መነሻውም እዚያው ይወድቃል። ማለትም a(2)ን በፊት በር ላለማስገባት ሲል በጓሮ በር አስገባው። አሁንም የተፈተሹት መነሻዎች ሁለት ናቸው፤ ስማቸው ብቻ ከ1 እና 2 ወደ 0 እና 1 ተለወጠ። ይህን በፈተናው ላይ ጽፎት ቢሆን ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር።

ግምቱ የሰጠውና ስሌቱ የወሰደው

ሁለተኛው ቅናሽ በግምቱ ላይ ነው። ተማሪው የጻፈው «ለ n = k እውነት ነው እንበል» ነው። ይህ አንድ እውነታ ብቻ ይሰጠዋል፦ a(k) = 2^k − 1። ስሌቱ ሁለተኛ መስመር ላይ ግን a(k)ንም a(k−1)ንም በቀመር ተክቷል። ሁለተኛውን መተካት የፈቀደለት የለም። የአራሚው «ይህ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ይህ ነበር።

«k እኮ ማንኛውም ቁጥር ነው» አለ ተማሪው። «ለማንኛውም k ካልኩ k−1ም ውስጡ አለ።»

በማርማቸው ወረቀቶች ላይ ይህን ሐሳብ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የግምት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚበቅሉት ከዚህ ሥር ነው። k ማንኛውም ነው ስንል የትኛውንም ልንመርጥ እንችላለን ማለታችን ነው። ከመረጥን በኋላ ግን k አንድ የተወሰነ ቁጥር ነው፤ ግምቱም ስለዚያ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። «ለማንኛውም k እውነት ነው» የሚለው ሁሉንም k በአንድ ጊዜ የሚያካትት ከሆነ፣ ያ እኮ እንድናረጋግጥ የተጠየቅነው ራሱ ነው። የሚፈለገውን ወስዶ የሚፈለገውን ማውጣት ምንም አያደክምም። ከዚያው ክምር ውስጥ አንድ ሌላ ወረቀት ይህንኑ በግልጽ አድርጎታል፤ «ለሁሉም n እውነት ነው እንበል» ብሎ ይጀምርና «ስለዚህ ለሁሉም n እውነት ነው» ብሎ ይጨርሳል። መሐሉ ላይ ያለው ስሌት ያኔ ጌጥ ነው።

ስለ k ብቻ ማወቅ በእርግጥ እንደማይበቃ ለማሳየት አንድ ተጨማሪ ተከታታይ ጻፍንለት፦ ቀመሩ ያው፣ a(1) = 5፣ a(2) = 3። ለ k = 2 ግምቱ ትክክል ነው፤ a(2) = 3 = 2^2 − 1። a(3) ግን 3·3 − 2·5 = −1 ነው፤ 7 አይደለም። ማለትም «ለ k እውነት ከሆነ ለ k+1ም እውነት ነው» የሚለው አባባል፣ ተማሪው በጻፈው መልክ ከተደጋጋሚው ቀመር ብቻ አይወጣም። የሚወጣው ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ላይ እውነት ከሆነ ወደ ሦስተኛው ይሻገራል የሚለው ነው።

እንዲህ ያለውን ስህተት በራስ ወረቀት ላይ ለመያዝ የምመክረው ሜካኒካዊ ነው። ስሌቱ ውስጥ ግምቱ የተተካበትን እያንዳንዱን ቦታ አስምርበትና ከሥሩ ቁጥሩን ጻፍ። እዚህ የሚወጣው k እና k−1 ነው። ከዚያ ወደ ግምቱ ተመለስና ስለነዚህ ቁጥሮች ቃል ገብቷል ወይ ብለህ ጠይቅ። ስለ k ገብቷል፤ ስለ k−1 አልገባም። ቀጥሎ ከተሰመረባቸው ትንሹ ቁጥር ከተከታታዩ መጀመሪያ እንዳይወርድ አድርግ፦ k−1 ≥ 1፣ ማለትም k ≥ 2። k ከ2 ከጀመረ ርምጃው የሚያመርተው የመጀመሪያ ቁጥር a(3) ነው። ከ a(3) በፊት ያሉት፣ a(1) እና a(2)፣ በእጅ መፈተሽ አለባቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ቅናሾች አንድ ይሆናሉ። ግምቱ አንድ ብቻ መስሎት ስለጻፈ መነሻውም አንድ በቂ መሰለው፤ ግምቱን አስተካክሎ ቢሆን k ≥ 2 የሚለው ገደብ ራሱ ወደ ሁለተኛው መነሻ ይመራው ነበር።

ወደ ኋላ ስንት ቦታ እንደምንሄድ ቆጥሮ ያንኑ ያህል መነሻ መፈተሽ ጥሩ ልማድ ነው፤ ከ12 ጀምሮ ያለ ሙሉ ቁጥር ሁሉ በ4ቶችና በ5ቶች ድምር ይጻፋል የሚለውን ለማረጋገጥ ለምሳሌ k+1ን ከ k−3 ላይ 4 ጨምረን ስለምናገኘው አራት መነሻ ያስፈልጋል፦ 12፣ 13፣ 14፣ 15። ልማዱን ግን እንደ ሕግ መሸምደድ አይገባም። ከ1 የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር ሁሉ የፕራይም ቁጥሮች ብዜት ነው የሚለው ማረጋገጫ ወደ ኋላ የሚሄደው ያልታወቀ ርቀት ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ፕራይም የሆነበትን ሁኔታ ግን ርምጃው ውስጥ ለብቻው ስለሚያየው ከ2 ሌላ መነሻ አያሻውም። የሚቆጠረው ርቀት ሳይሆን ርምጃው ሊደርስበት ያልቻለው ቁጥር ነው።

የጎረቤቱ ወረቀት

ተማሪው ከመሄዱ በፊት አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ግምቱን በዚያው መልክ ጽፎ፣ መነሻ የሚባል ነገር ግን ጭራሽ አልጻፈም፤ ውጤቱ 5 ነው። «እኔ n = 1ን ፈትሼ ከእሱ የምበልጠው በአንድ ነጥብ ነው?»

ይህ ስለ እርማት መመሪያው የቀረበ ተገቢ ትችት ነው፤ መመሪያው ስሌትን ከሚገባው በላይ ይከፍላል ብዬ አምናለሁ። መነሻ አልባ ማረጋገጫ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ የሚያሳይ አጭር ምሳሌ አለ። «n² + n + 1 ለሁሉም n ተጋማሽ ነው» እንበል። ለ k ተጋማሽ ነው ብለን እንገምት። ከዚያ፦

```
(k+1)² + (k+1) + 1 = k² + 3k + 3
                   = (k² + k + 1) + 2(k + 1)
```

የመጀመሪያው ቅንፍ በግምታችን ተጋማሽ ነው፤ ሁለተኛው የ2 ብዜት ነው፤ ድምራቸው ተጋማሽ ነው። ርምጃው እንከን የለውም፤ ግምቱም በአግባቡ ነው የተሠራበት። አባባሉ ግን ለአንድም n እውነት አይደለም፤ n² + n ማለት n(n+1) ስለሆነ ሁልጊዜ ተጋማሽ ነው፣ 1 ሲጨመርበት ሁልጊዜ ኢተጋማሽ ይሆናል። 1ን ብቻ ብንሞክር ኖሮ 3 አግኝተን እዚያው እናቆም ነበር።

ልዩነቱን ልብ በሉ፤ በዚህ ምሳሌ የጎደለው መነሻ ብቻ ነው፤ የኛ ተማሪ ጉዳይ ከዚህ የሚከፋው መነሻው ያለ ስለሚመስል ነው። «n = 1 ሲሆን» የሚለውን መስመር ያየ አራሚ ምልክቱን አድርጎ ወደ ስሌቱ ያልፋል። ክፍተቱ የሚታየው ርምጃውን በ k = 1 ላይ ለሚያስኬድ ሰው ብቻ ነው።

ውሳኔው

መነሻው ላይ የተቀነሱት ሁለት ነጥቦች ባሉበት ጸኑ። ግምቱ ላይ የተቀነሰውም አንድ ነጥብ ጸና፤ መልኩ አለ፣ የሚያስፈልገው ይዘት ግን ጎድሏል፣ ስለዚህ ከ2 አንድ ተገቢ ነው። ማጠቃለያው ላይ የተቀነሰውን ግን መለስኩት። መመሪያው ራሱ አንድ ስህተት በአንድ ቦታ ብቻ ይቀጣ ይላል፤ ማጠቃለያው «ለሁሉም n ≥ 1» የሚለውን ወሰን በትክክል ጽፏል፣ የማይከተል የሆነው ቀድሞ በተቀጣው ክፍተት ምክንያት ነው። ውጤቱ 7 ሆነ።

የመጀመሪያው አራሚ በዚህ አልተስማማም፤ እንዲያውም ከ6 ወደ 5 መውረድ ነበረበት ባይ ነው። መከራከሪያው ጠንካራ ነው፦ ስሌቱ የተጻፈው ያልተገመተ ነገር ተጠቅሞ ስለሆነ እንደ ሎጂክ ርምጃ ዋጋ የለውም፤ ለቅንፍ መፍታት ብቻ 4 ነጥብ መስጠት የማረጋገጫ ፈተናን የአልጀብራ ፈተና ያደርገዋል። እኔ ሙሉ 4ቱን የተውኩት ግምቱ በአንድ ሐረግ ቢስተካከል ስሌቱ አንድም ምልክት ሳይለወጥ ትክክል ስለሚሆን ነው። ስሌቱ ራሱ የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ 2·2^(k−1)ን 4^(k−1) ብሎ ቢሆን፣ ግምቱን ማስተካከል አያድነውም ነበር። ሁለቱን ለይቶ መቅጣት ያስፈልጋል።

ተማሪው ሲሄድ ይዞት የሄደው የተስተካከለ መልስ ይህ ነው፤ ራሱ ነው የጻፈው፣ እኔ የጨመርኩበት «ቀመሩ ይሠራል» የሚለውን ብቻ ነው።

```
መነሻ፦  a(1) = 1 = 2^1 − 1  እና  a(2) = 3 = 2^2 − 1።

ግምት፦  k ≥ 2 ይሁን። ከ1 እስከ k ላለው ለእያንዳንዱ j
       a(j) = 2^j − 1 ነው እንበል።

ርምጃ፦  k ≥ 2 ስለሆነ ቀመሩ ይሠራል፤ k እና k−1 ሁለቱም
       ከ1 እስከ k ውስጥ ናቸው።
  a(k+1) = 3a(k) − 2a(k−1)
         = 3(2^k − 1) − 2(2^(k−1) − 1)
         = 2^(k+1) − 1

ስለዚህ ለሁሉም n ≥ 1፣ a(n) = 2^n − 1።
```

ግምቱ «ከ1 እስከ k ላለው ለእያንዳንዱ» ማለቱ ጠንካራው ኢንዳክሽን የሚባለው ነው። እዚህ ግን ያን ያህል አያስፈልግም ነበር፤ «ለ k እና ለ k−1» ቢል ይበቃል። ሰፊው ግምት ጉዳት ስለሌለውና ቁጥር ከመቁጠር ስለሚያድን ተማሪዎች እንዲለምዱት እፈልጋለሁ፤ አንዳንድ መምህራን ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ መገመትን አይወዱም። በዚህ ምክንያት ነጥብ የሚቀንስ አራሚ ግን አላውቅም።

ቅሬታው ከተዘጋ በኋላ በእርማት መመሪያው ላይ ሁለት ለውጥ ተደረገ። ለስሌት የተመደበው ከ4 ወደ 3 ወርዶ፣ አንዱ ነጥብ «ርምጃው ከየትኛው k ጀምሮ እንደሚሠራ መጻፍ» ለሚል አዲስ መስመር ተሰጠ። አራሚዎች ደግሞ ሁለተኛው መነሻ በጎደለበት ወረቀት ላይ «a(2)?» ብለው እንዳያልፉ፣ «a(2) = 5 ቢሆን መልስህ ውስጥ ምን ይለወጣል?» ብለው እንዲጽፉ ተስማማን። ለተከታዩ የልምምድ ወረቀትም የተማሪው መልስ ስሙ ተነስቶ፣ a(2) = 5 ከሚለው ተከታታይ ጋር ቀርቧል፤ ጥያቄው «ርምጃው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰበረው በየትኛው k ላይ ነው?» የሚል ነው።